75 ወይስ 110? የፎቅ ቤት ፍሳሽና የአየር ቱቦ ስፋት፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የተመረጡት ጥያቄዎች በአንድ ዓይነት ሕንፃ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው፤ ጎንደር ውስጥ አሁን በብዛት የሚነሣው ጂ+6 መኖሪያ። መልሶቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች የዓለም አቀፉ የቧንቧ ኮድ ሰንጠረዦች ናቸው።

«ማራኪ ላይ ጂ+6 እያሠራሁ ነው። በአንዱ ዳክት በኩል በየፎቁ ሁለት መታጠቢያ ቤት ጀርባ ለጀርባ ይገጥማሉ። ቧንቧ ሠራተኛው "ሰንጠረዡ 3 ኢንች ይበቃል ይላል፣ 75 ቱቦ ይግዙ" አለኝ። ከ110 በዋጋ በጣም ይሻላል። ልስማው?»

አይስሙት። ሰውየው ግን ሂሳቡን አላበላሸም፤ የተሳሳተው ቱቦውን ሲመርጥ ነው።

ሰንጠረዡ ጭነትን የሚቆጥረው በፊክስቸር ዩኒት ነው፤ ይህ የሊትር መለኪያ አይደለም። አንድ ዕቃ ምን ያህል ውኃ በምን ፍጥነት እንደሚለቅ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚለቅና ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቅጽበት የመልቀቁ ዕድል ምን ያህል እንደሆነ አንድ ላይ አጣምሮ የያዘ የጫና ቁጥር ነው። በ6 ሊትር የሚያጥብ መጸዳጃ 3፣ የእጅ መታጠቢያ 1፣ ሻወር 2 ይይዛል። ድምሩ 6 ነው፤ ሦስቱ በአንድ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ግን አንድ ቤተሰብ ሁሉንም በአንዴ ስለማይለቅ ኮዱ 5 ብሎ ይቀበላቸዋል። ሁለት መታጠቢያ ቤት በፎቅ 10 ነው። ምድር ቤቱ ለብቻው ስለሚወጣ (ምክንያቱ ከታች አለ) ስታኩ፣ ማለትም ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ቁም ቱቦ፣ የስድስት ፎቅ ጭነት ይሸከማል፤ 60።

ከሦስት ፎቅ በላይ ለሚያገለግል ስታክ ሰንጠረዡ ለ3 ኢንች 72 ይፈቅዳል። 60 ከ72 ያንሳል፤ እስከዚህ ሰውየው ልክ ነው። ሱቅ ሲገቡ ግን ሜትር ያውጡና የቱቦውን አፍ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ይለኩ። እኛ ጋ «75» የሚባለው የውጭ ስፋቱ ነው። የግድግዳው ውፍረት ከሁለቱም ወገን ሲቀነስ የሚቀረው ወደ 70 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ኢንች 76 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ተኩል ኢንች ደግሞ 63.5 ነው። በሁለቱ መካከል የሚወድቅ ቱቦ በታችኛው መስመር ይቆጠራል፤ ሁለት ተኩል ኢንች የሚሸከመው 42 ብቻ ነው። በዚያ ላይ መጸዳጃ ከ3 ኢንች ባነሰ ቱቦ እንዲፈስ አይፈቀድም። 110 ግን የውስጥ ስፋቱ 104 ገደማ ስለሆነ በእውነትም 4 ኢንች ነው፤ በጠቅላላው 500፣ ከአንድ ፎቅ ደግሞ 90 ይቀበላል።

«ለ60 ብሎ 500 የሚይዝ ቱቦ ብክነት ነው» የሚል ይኖራል። ስታክ ግን ሞልቶ እንዲሄድ የታሰበ ነገር አይደለም። ውኃው ግድግዳውን ይዞ እንደ ቀለበት ይወርዳል፣ መሐሉ የአየር መንገድ ነው። ሰንጠረዡ የተሠራው ውኃው ከቱቦው አፍ ከሦስት አንድ እጅ ያነሰ ቦታ እንዲይዝ ተደርጎ ነው። ያ የአየር መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ከታች ያለው ጠያቂ ያውቀዋል።

ያው ወጥመድ ኩሽናው ላይም አለ። ሲንክ 2 ይይዛል፤ ሁለት ሲንክ በፎቅ፣ በስድስት ፎቅ 24 ይመጣል። የ2 ኢንች ስታክ ጣሪያው ልክ 24 ነው። 63 ቱቦ ያለ አንዳች ትርፍ ያልፋል፤ 50 ግን በአንድ ተኩል ኢንች ስለሚቆጠር የሚችለው 8 ነው። የወጥ ቅባት ግድግዳው ላይ እየጋገረ አፉን እንደሚያጠበው ሲታሰብ ለኩሽና 75 ያድርጉ። እዚያ 75 ቦታው ነው።

«ስታኩ ራሱ ክፍት ሆኖ ጣሪያ ላይ ስለሚወጣ ሌላ የአየር ቱቦ ትርፍ ወጪ ነው ይላሉ። እውነት ነው? ካስፈለገስ ስንት ይሁን?»

ለሁለት ሦስት ፎቅ እውነትነት አለው። አምስት የፎቅ ልዩነትና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ የሚቀበል ስታክ ግን ጎን ለጎኑ የሚቆም የአየር ቱቦ፣ ቬንት ስታክ፣ ግድ ይለዋል። ከጣሪያው የሚገባው አየር ላይኞቹን ፎቆች ይረዳል እንጂ ከሚወርደው ውኃ በታች የታፈነውን አየር አያስተነፍስም። ስለዚህ ይህ ሁለተኛው ቱቦ ከታች፣ ከዝቅተኛው ቅርንጫፍ በታች፣ ከስታኩ ጋር ይገጠማል፤ ከላይ ደግሞ ከከፍተኛው ዕቃ አፍ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይመለሳል ወይም ለብቻው ጣሪያውን አልፎ ይወጣል።

ስፋቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የስታኩ ስፋት፣ የተሸከመው ዩኒትና የቬንቱ ርዝመት። ለ4 ኢንች ስታክ 60 ዩኒት የሚወድቀው «እስከ 140» በሚለው መስመር ላይ ነው። እዚያ መስመር ላይ የ2 ኢንች ቬንት 8 ሜትር፣ ሁለት ተኩል ኢንች 20 ሜትር፣ 3 ኢንች 61 ሜትር ድረስ ይፈቀዳል። ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ያለው ጉዞ ከነመታጠፊያው 25 ሜትር ይሆናል እንበል። ሁለት ተኩል ኢንች በ5 ሜትር ወደቀ ማለት ነው፤ 3 ኢንች ያስፈልጋል። የገበያው 75 ደግሞ፣ እንዳየነው፣ ሁለት ተኩል ነው። 90 ከተገኘ 90፣ ካልተገኘ 110 ይጫን።

አንድ ነገር ልጨምር። ቬንቱን ኮርኒስ ውስጥ አድርሰው የሚተዉ አሉ፣ ቆርቆሮ መብሳት ዝናብ ያስገባል ብለው። ከቆርቆሮው በላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መውጣት አለበት፤ ጣሪያው ልብስ የሚሰጣበት ሰገነት ከሆነ ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ፣ 2.1 ሜትር።

«አራዳ ምድር ቤት ነው የምኖረው። ላይኞቹ መጸዳጃ ሲለቁ የእኔ ሳህን ውስጥ ያለው ውኃ ይንቦቀቦቃል፣ አንዳንዴም ወለሉ ላይ ይረጫል። ሦስት ጊዜ በሽቦ ተጠርጎ ምንም አልተለወጠም።»

ያልተደፈነ ነገር እየጠረጉ ነው። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውኃ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ቢወርድ ድፍን ነበር። ተንቦቅቡቆ ወዲያው ወደ ነበረበት ከፍታ የሚመለስ ከሆነ ግን የሚገፋው አየር ነው። ላይኛው ፎቅ ያሉትን ይጠይቁ፤ የእነሱ ሲፎን ተቃራኒውን፣ ውኃው ወደ ቱቦው መሳብን፣ ሳያሳይ አይቀርም። ሲፎን ውስጥ የሚቀረው ውኃ ዝቅተኛው ከፍታ 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቬንት ሥራውን ሲሠራ የአየሩን ግፊት መለዋወጥ በ2.5 ሳንቲ ሜትር የውኃ ከፍታ ውስጥ ይይዘዋል።

የሚሆነው ይህ ነው፤ ከላይ በሰከንድ ከ3 እስከ 4.5 ሜትር እየሮጠ የመጣው ውኃ ታች ኤልቦው ላይ ደርሶ ወደ አግድም ሲታጠፍ ፍጥነቱ ይሰበራል፣ ይከማቻል፣ ቱቦውን እስከ አናቱ ሊሞላው ይችላል። ከፊቱ እየገፋ ያመጣው አየር መውጫ ያጣል። በጣም ቅርቡ ቀዳዳ የእርስዎ ሳህን ነው።

መድኃኒቱ የእርስዎን ቅርንጫፍ ከዚያ ቦታ ማሸሽ ነው። ምድር ቤቱ ስታኩ ላይ አይግባ፤ ለብቻው ሄዶ ከኤልቦው የቱቦው ስፋት አሥር እጥፍ ርቆ፣ በ110 ቢያንስ 1.1 ሜትር፣ አግድሙ ላይ ይቀላቀል። አንዱን ባለ 90 ኤልቦ አውጥቶ በሁለት ባለ 45 መተካትም ግጭቱን ያለሰልሳል። ከታች የሚነሣ ቬንት ከሌለ ግን ሁለቱም ግማሽ መፍትሔ ናቸው።

«በሁለት ዳክት የተከፈለ ጂ+6 አለን። ሁሉም በአንድ 110 ቱቦ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ይሄዳል። ተከራዮች አሁን ልብስ ማጠቢያ ማሽን እያስገቡ ነው፤ ውኃ በፈረቃ ስለሆነም መጸዳጃ በባልዲ ነው የሚለቀቀው። ቱቦው ይችላል?»

እንደ መጀመሪያው ጠያቂ ዓይነት ሕንፃ ከሆነ ማሽን ሳይገባም ጠርዝ ላይ ነበር። አንዱ ዳክት ከመታጠቢያ 60፣ ከኩሽና 24፣ ከምድር ቤት 14 ያመጣል፤ 98። ሁለቱ 196። 110 ቱቦ በአንድ በመቶ ተዳፋት 180፣ በሁለት በመቶ 216 ይሸከማል። ይህ «አንድ በመቶ» የሚባለው በትክክል ለ10 ሜትር 10.4 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 11 አድርገው ይጣሉት፤ ሁለቱ ደግሞ 21 ነው።

ማሽን 2 ይይዛል። በሰባት ፎቅ ለሁለት ዳክት 28 ማሽን 56 ይጨምራል፤ 252 ደረሰ። የ110 ቱቦን ተዳፋት እስከ አራት በመቶ ቢያቆሙት እንኳ ጣሪያው 250 ነው። ባልዲውም ይቆጠራል፤ ከ6 ሊትር በላይ በአንዴ የሚደፋ መጸዳጃ ከ3 ወደ 4፣ መታጠቢያ ቤቱም ከ5 ወደ 6 ይወጣል። ሃያ ስምንት መታጠቢያ ቤት ሌላ 28፤ ጠቅላላው 280።

ሁሉን ቆፍሮ ማውጣት ግን አያስፈልግም። የአንዱ ዳክት ድርሻ 140 ስለሆነ የመጀመሪያው ክፍል በ110 ሊቆይ ይችላል፤ ተዳፋቱ አንድ በመቶ መሙላቱን ብቻ ያረጋግጡ። ሁለተኛው ዳክት ከሚገጥምበት ማንሆል እስከ ታንኩ ያለው ወደ 160 ይቀየር። 160 በአንድ በመቶ 700 ስለሚችል ተዳፋት ለማግኘት የጎንደርን ጥቁር ድንጋይ ወደ ታች መፈልፈል አይጠበቅብዎትም። በ20 ሜትር ጉዞ በአንድና በሁለት በመቶ መካከል ያለው የቁፋሮ ልዩነት 21 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ድንጋይ ላይ ይህ ቀላል አይደለም።

«አዘዞ ነን። የጣሪያው አሸንዳ መውረጃ ከፍሳሹ ስታክ ጋር ቢገጠም ምን ችግር አለው? ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው።»

አይገጠምም። ዩኒት የተሠራው ሰዎች በአንዴ አይለቁም በሚለው ግምት ላይ ነው፤ የነሐሴ ዝናብ ግን ተራ አይጠብቅም። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 10 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ያ ሁሉ ሴፕቲክ ታንኩ ውስጥ ገብቶ የተጠራቀመውን ዝቃጭ በጥብጦ ወደ ማስረጊያ ጉድጓዱ ይነዳዋል፤ አንዴ ዝቃጭ የገባበት ጉድጓድ ደግሞ መልሶ ውኃ አይመጥም። መውረጃውን ለብቻው ወደ ዲች ያውጡት።