«ምን አጠፋሁ» የሚል ሰው እንዴት ይቅር ይባላል?

ጥያቄ፦ መምህር ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ወንድሜ የእናታችንን ቤት ሸጦ የኔን ድርሻ በላው፣ ሽማግሌ ብልክበትም መልሱ «ምን አጠፋሁ» ነው። አቡነ ዘበሰማያት ስደግም «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የምትለዋ ላይ አፌ ይያዛል። ዘንድሮ በፍልሰታ መቁረብ እፈልጋለሁ፣ እሱ ሳይጸጸት የኔ ይቅርታ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል እህቴ። ያስቸገረሽ እኮ ይቅርታና እርቅ አንድ መስለውሽ ነው። ማርቆስ 11፥25 ላይ ጌታ ለጸሎት ስትቆሙ በሰው ላይ ያላችሁን ይቅር በሉ ይላል፣ ሰውየው ይጸጸት አይጸጸት ብሎ አልጠየቀም፣ ምክንያቱም እዛ ጋ ያላችሁት አንቺና እግዚአብሔር ብቻ ናችሁ። ሉቃስ 17፥3 ላይ ግን ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፣ ቢጸጸት ይቅር በለው ይላል። ይሄኛው ፊት ለፊት የሚደረገው ነው፣ እርቁ፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እሱ ስላልመጣ ሁለተኛው ቆሟል እንጂ የመጀመሪያውን ማንም አይከለክልሽም።

ግእዙን እይው እስቲ፣ «ኅድግ ለነ አበሳነ» ነው የሚለው፣ ኀደገ ማለት ተወ፣ ለቀቀ ማለት ነው። አማርኛውም «ይቅር» ነው፣ ከእጄ ይቅር፣ አልይዘውም። ስለዚህ የምትጸልዪው ወንድምሽን እንድትወጂው የሆነ ስሜት እስኪመጣ አይደለም፣ በቀሉን ከእጅሽ እንድትለቂ ነው።

ዮሴፍን ተመልከቺ። ወንድሞቹ ለእህል ግብፅ ከመምጣታቸው በፊት ነው የበኩር ልጁን ምናሴ ያለው፣ እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ ብሎ። ውስጡ አልቋል ማለት ነው። ግን ሲመጡ ወዲያው አልተጠመጠመባቸውም! በአስተርጓሚ አናገራቸው፣ ስምዖንን አሰረ፣ ዞር እያለ ያለቅስ ነበር ግን አልነገራቸውም፣ ድሮ እንሽጠው ያለው ይሁዳ ራሱ በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን እስኪል ጠበቀ። ይቅር ብሎ እያለም እምነቱን የሰጣቸው ለውጥ ካየ በኋላ ነው። አንቺም ወንድምሽን ይቅር ብለሽ ሌላ ገንዘብ ላታምኚው ትችያለሽ፣ ድርሻሽን በፍርድ ቤት መጠየቅም ኃጢአት አይደለም። ራስሽን ግን አንድ ነገር ጠይቂ፣ ዛሬ ድርሻዬን ቢሰጠኝ ክሱን አቆማለሁ ወይስ ሲዋረድ ማየት እፈልጋለሁ? ሁለተኛው ከሆነ ገና አለቀቅሽም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» በሚለው ነው። አባባሉ ጥሩ ነው ግን በኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ እርግማን ነው፣ «ያሳየዋል» ማለት። ዳዊት ይዘው 108ኛውን መዝሙር በሰው ስም የሚደግሙም አሉ፣ ያ ይቅርታ አይደለም፣ ክሱን ወደ ላይኛው ችሎት ማዞር ነው። በምን ታውቂዋለሽ ካልሽኝ ወንድምሽ ታመመ ሲሉሽ መጀመሪያ ልብሽ ውስጥ ምን አለፈ? «እሰይ» ካለ ገና ነው፣ ግን አትደንግጪ፣ ቁስል ስለሆነ ነው፣ መልሰሽ ትለቂዋለሽ።

ስለዚህ ማታ ስትጸልዪ ያቺ ቃል ጋ ስትደርሺ አትዝለያት፣ ቁሚ። የክርስትና ስሙን ጥሪና «ጌታዬ፣ እገሌ ያለበትን ትቼለታለሁ፣ አንተም ማረው፣ እኔንም ማረኝ» በይ፣ ከዛ አንዴ ስገጂ። በቃ። አፍሽ ከተያዘም «መተው አልቻልኩም፣ አስችለኝ» በይ፣ ይሄም ጸሎት ነው፣ ከውሸት «ይቅር ብያለሁ» ይሻላል። ነገ ንዴቱ ተመልሶ ቢመጣ ትናንት የጸለይሽው ፈረሰ ማለት አይደለም፣ እኔ ራሴ አንድ ሰው ላይ ይቺን ጸሎት ሁለት ፍልሰታ ነው የደገምኳት 😅

ቁርባኑን በተመለከተ፣ ማቴዎስ 5፥23 መባህን ትተህ ሄደህ ታረቅ የሚለው ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ቢኖረው ነው፣ ማለትም ለበዳዩ የተነገረ ነው። አንቺስ በዚህ ጠብ ውስጥ አልሰደብሽውም፣ ስሙን ለዘመድ አላጠፋሽም? ካለ ለዛ ለዛ ብቻ ሄደሽ ወይ ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂ፣ የቤቱን ነገር አታንሺ። ሽማግሌ ልከሽ እምቢ ካለ የአንቺን አድርገሻል፣ ሮሜ 12፥18ም «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ነው የሚለው። ግን ልቁረብ አልቁረብ ብለሽ ለብቻሽ አትወስኚ፣ እኔም አልወስንልሽም፣ የንስሐ አባትሽ ነው የሚፈቅድልሽ። ነሐሴ 1 ሳይገባ ሂጂና ስትናዘዢ እሱ ያደረገውን ሳይሆን አንቺ የተመኘሽበትን ንገሪያቸው፣ ብዙ ሰው እዛ ጋ የወንድሙን ኃጢአት ተናዞ ይመለሳል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» የሚል ሜሴጅ እንዳትልኪለት። አላጠፋሁም ለሚል ሰው እሱ ስድብ ነው የሚሆንበት፣ እንደገና ትጣላላችሁ።