«ይቅር በይኝ» ስትላት ምኑ ይቅር?

«መምህር፣ ፍቅረኛዬ ጣሊያናዊት ናት። አማርኛ ደህና ትሞክራለች። ለሥራ ወደ ዱባይ ልሄድ ስል ይህቺን ስንኝ ጽፌ አነበብኩላት፦

ሻንጣዬ ተዘጋ፣ መኪናው ቆሟል ደጅ፤
ጥፋቴ ብዙ ነው፣ ይቅር በይኝ አንች ልጅ።

እሷ ግን "ይቅር ብዬሃለሁ፣ መልካም መንገድ" ብላ ሸኘችኝ። ወርቁን በስልክ ላስረዳት ብሞክር አልሆነልኝም። ለውጭ ሰው ሰምና ወርቅ እንዴት ነው የሚብራራው?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ያንተ ስንኝ በቅኔ ቤት አጠራር ኅብር ነው፤ ሰምና ወርቅ አይደለም። በጉባኤው ሰምና ወርቅ የሚባለው ሰሙም ወርቁም በግልጽ ተጠርተው ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው። «የፍቅርሽ እሳት የልቤን እንጨት ፈጀው» ብትላት እሳትና እንጨት ሰም፣ ፍቅርና ልብ ወርቅ ይሆናሉ፤ «ፈጀው» የሚለው ማሰሪያ ደግሞ ሁለቱንም ይገዛል። የተደበቀ ነገር የለም። ኅብር ግን አንዱ ቃል ብቻውን ሁለት ፍቺ ተሸክሞ ሲቆም ነው። ቃሉ ሳይመነታ ንግግሩ በሙሉ ወደ ሌላ ሐሳብ ሲጠቁም ደግሞ ውስጠ ወይራ እንለዋለን።

ይህን ባነሳሁ ቁጥር «የግእዙን ሥርዓት አማርኛ ላይ ምን አመጣው፣ ሁሉም ሰምና ወርቅ ነው» የሚሉኝ አሉ። አልዋጥልህ ብሎኛል። ስሙ ሲደባለቅ ማብራሪያውም ይደባለቃልና። ሰምና ወርቅ ስታስረዳ ሁለት ነገሮችን ታነጻጽራለህ፤ ኅብር ስታስረዳ ግን አንድ ቃል ፈልገህ ትፈለቅቃለህ። አንተ ስልክ ላይ የተቸገርከው ስለ ስውር ትርጉም ስታወራላት ቃሉን ሳታሳያት ስለቀረህ ይመስለኛል። ያም ሆኖ አገር ሁሉ ባለ ሁለት ፍቺውን ግጥም ሰምና ወርቅ ካለው ቆይቷል። እኔ ብጮህም የሚመለስ አይደለም። እሺ፣ ባንተው አጠራር እንቀጥል።

ኅብረ ቃልህ «ይቅር» ነው። «ቀረ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ በሦስተኛ መደብ የተነገረ የትእዛዝ አንቀጽ። ሰሙ «ጥፋቴን ማሪኝ» ነው። ግን ልብ በል፣ ሰሙ ውስጥም የሚቀር ነገር አለ፤ ጥፋቱ ነው የሚቀረው። ይቅርታ ማለት ራሱ «በደሉ ይቅር፣ አይቆጠር» ከማለት የመጣ ነው። ግእዙም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በአቡነ ዘበሰማያት «ኅድግ ለነ አበሳነ» ስንል «ኀደገ» ተወ ማለት ነው፤ በደላችንን ተውልን እንላለን። ያው «ኀደገ» ሚስቱን ለፈታ ሰውም ይነገራል። ምሕረትና መለያየት በአንድ ግሥ ሲነገሩ ያንተ ስንኝ የመጀመሪያው አይደለም።

ወርቁስ? «እሱ እዚሁ ይቅር» ነው የሚል አይጠፋም። ይህ ስህተት ነው፤ ሰዋስዉም አይፈቅድም። የምታናግርህ አንተን ከሆነ «ቅር» ነው የምትልህ እንጂ «ይቅር» አትልህም። ሦስተኛ መደብ የሆነ ባለቤት ያስፈልጋል፤ እሱም መንገዱ ነው። «መሄድህ ይቅር» በይኝ፣ ጉዞው ይሰረዝ በይኝ፣ ነው ያልካት። ይህን ማወቅ ለማብራሪያው ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም በሰሙም በወርቁም ግሡ ያው ነው፣ የሚለወጠው የሚቀረው ነገር ብቻ ነው። አንዴ ጥፋቱ፣ አንዴ መንገዱ።

ስለዚህ ከወርቁ አትጀምር። አንጥረኛ መጀመሪያ ሰሙን ቀርጾ በጭቃ ይለብጠዋል፣ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁም በለቀቀው ቦታ ይፈሳል። ሰሙ በደንብ ካልተቀረጸ ወርቁ ቅርጽ አያገኝም። መጀመሪያ ይቅርታ መጠየቅህን በሙሉ ልቧ ትቀበል። እሱንማ ተቀብላለች። ከዚያ ስለ ቅኔ ምንም ሳትነግራት ቡና ላይ የምትሰማውን አስታውሳት፦ «ስኳሩ ይቅር»። ዝናብ ሲጥል ደግሞ «ዛሬ መውጣቱ ይቅር»። ሁለቱን ካወቀች ስንኙን ድገምላትና «ምኑ ይቅር?» ብለህ ጠይቃት። ጥፋቱ ካለች «ታዲያ ሻንጣውና መኪናው ምን ይሠራሉ?» በላት። የመጀመሪያው ቤት የተጻፈው ለዚህ ነው። እሱን አንስተህ ሁለተኛውን ብቻ ብታነበው ተራ ይቅርታ ሆኖ ይቀራል፤ ጉዞ ከሌለ የሚቀር ጉዞ የለምና። አንድ ኅብር በደንብ መሠራቱን የምለየውም በዚህ ነው። ለወርቁ መንገድ የሚጠርግ ቃል አስቀድሞ መቀመጥ አለበት።

«ቅኔ አይተረጎምም፣ ለፈረንጅ ማስረዳት ድካም ነው» የሚለው ወሬ አያሳምነኝም። በእሷ ቋንቋ «ላሻ ስታሬ» የሚል አነጋገር አለ፤ «ተወው» እንደ ማለት። ይቅርታ ለጠየቀ ሰውም ይባላል፣ ሐሳቡን እንዲሰርዝ ለሚፈለግ ሰውም ይባላል። ለይቅርታ ሲሆን ትንሽ ይቀዘቅዛል፤ የኛ «ይቅር» ያለው ምሕረት የለውም፣ «እርሳው ባክህ» ያህል ነው። መንታነቱን ለማሳየት ግን ይበቃል። የጎደለውን ሙቀት አንተ ሙላላት።

ሌላ ስንኝ ስትጽፍላት ደግሞ መጥበቅና መላላትን ተጠንቀቅ። ፊደላችን ጥብቀት አያሳይም። «ሠርጋችን ገና ነው» ብለህ ብትጽፍ፣ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ የልደት በዓል ዕለት ነው። አፍህን ከፍተህ ስታነበው ግን አንዱን መምረጥህ ግድ ነው፣ ሌላው ወዲያው ይሞታል። እኔ እንዲህ ያለውን የወረቀት ኅብር አልወደውም፤ ቅኔ በጉባኤ ቆመው ሲሰጡት በጆሮ የሚደመጥ ነው። ግን ፍቅር በቴሌግራም በሚጻፍበት ዘመን ወረቀቱም ጆሮውን ተክቷል፣ ይሠራል ካሉኝ መካድ አልችልም። «ይቅር በይኝ» ግን በአፍም በጽሑፍም አንድ ነው፣ የሚጠብቅ የሚላላ ችግር የለበትም። ለዚህ ነው ስንኝህን የወደድኩት።

አሁን ወደ መልሷ እንምጣ። «ይቅር ብዬሃለሁ» ማለቷ ግሩም ነበር። ምሬሃለሁም ነው፣ መሄድህ ይቅር ብያለሁም ነው፤ ሳታውቀው ኅብሩን በኅብር መለሰችልህ። ያበላሸው «መልካም መንገድ» ነው፤ መንገዱን ስትባርከው «መንገዱ ይቅር» የሚለው ፍቺ ወዲያው ተዘጋ። ይህንንም አስረዳት። የራሷ አማርኛ የት ጋ ወርቅ እንደያዘና የት ጋ እንደጣለው ስታይ፣ እኔ ከዘረዘርኩት ሁሉ ይልቅ ቶሎ ይገባታል። በሚቀጥለው ስትሄድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ብቻ ትበል፤ ሻንጣውን መፍታት አለመፍታቱ ያንተ ፋንታ ነው።