ከዓረብ አገር ለእረፍት ለሚመለሱ ወጣት ባለትዳሮች

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ ወደ ጅዳ በሾፌርነት ሊሄድ የተዘጋጀ አንድ ወጣት ባለትዳር፣ «ዶክተር፣ ሁለት ዓመት ከሚስቴ ርቄ ስቀመጥ ወንድነቴ ይደክም ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። በጤናማ ሰው ላይ መራራቅ ብቻውን ስንፈተ ወሲብ አያመጣም ብዬ መለስኩለት። እሱን ካሰናበትኩ በኋላ ግን ከሐሳቤ አልወጣ ያለው ከብዙ ዓመታት በፊት ደሴ ያከምኩት፣ ዛሬም ሳስታውሰው የሚቆጨኝ ሌላ ሾፌር ነው።

ያ ሰው ሳዑዲ ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ መኪና እየነዳ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ለአጭር እረፍት የመጣ ነበር። እዚያ ሳለ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ገና ሳይነጋ ይነሣል፣ ማታ ደግሞ እመቤቲቱን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሠርግ ቤት ይመልሳል። የጉዞው ዕዳ አላለቀም፤ ሐሳቡን የሚያካፍለው ሰውም የለውም። እየቆየ ሲሄድ ፍላጎቱ ራሱ እንደ ቀዘቀዘ ነገረኝ። ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና፣ እንቅልፍ ተጓድሎ ጭንቀት ሲረዝም ፍላጎት ሊቀንስ ይችላል። ይህ ዓይነቱ መቀዝቀዝ ሰው ዕረፍት ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

የእሱ ችግር የከፋው አገሩ ከገባ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፣ እናቱ ከመጋረጃው ማዶ ተኝተው፣ እሱም ከመንገድ ድካም ሳያገግም ሞከረ፤ አልሆነለትም። በማግሥቱ ሚስቱን ማየት ትቶ ራሱን መከታተል ጀመረ። ሰው ሲፈራ አድሬናሊን የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ብልት እንዲቆም ግን ወደ እሱ ደም የሚያስገቡት ሥሮች መላላት አለባቸው። ስለዚህ አንድ ጊዜ አልሆነልኝም ብሎ የፈራ ሰው በፍርሃቱ ምክንያት በሚቀጥለውም ሌሊት ላይሆንለት ይችላል።

ሚስቱ «እዚያ ሌላ ይዘሃል» አለች፤ እናቱ ደግሞ መተት ነው ብለው ወደ መድኃኒት አዋቂ ወሰዱት። አንድ ጓደኛው ሲልደናፊል የተባለውን ኪኒን ሰጠው። ይህ ኪኒን የሚሠራው ሰውየው ስሜቱ ሲነቃቃ እንጂ ፍላጎት የሚፈጥር ስላልሆነ፣ በፍርሃት ለተያዘው ሾፌር ራስ ምታትና የፊት መቅላት ብቻ አተረፈለት።

እኔ ዘንድ የመጣው ሊበር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። «ጠዋት ስትነቃስ?» ብዬ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ፣ «ጠዋትማ እንደ ድሮው ነው» አለኝ። ጤነኛ ወንድ በእንቅልፍ ላይ ሳለ ብልቱ በሌሊት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ያህል ይቆማል፤ ይህ ካልጠፋ ሥሩም ነርቩም ደኅና መሆኑን በአመዛኙ ያሳያል። የደም ግፊቱና ስኳሩም ደኅና ነበሩ።

ሚስቱን ይዟት እንዲመጣ ጠየቅሁት። እሷም ሁለት ዓመት ከልጇ ጋር ስትተኛ ኖራ የእሱ ገላ እንግዳ እንደሆነባት፣ ሰውነቷ ሳይዘጋጅ ሲሞክሩ እንደሚያማት፣ አለመሳካቱንም እሷን እንደ መጥላት ቆጥራው እንደነበር ተናገረች። እስከዚያች ቀን ድረስ ስለዚህ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ለሁለት ሳምንት ያህል ግንኙነት ለመፈጸም ፈጽሞ እንዳይሞክሩ፣ ተቃቅፈው እንዲተኙ፣ እንዲዳሰሱና እንዲያወሩ ብቻ ነገርኳቸው፤ መፈተኑ ሲቀር ፍርሃቱም ይቀራልና። ነገር ግን ሁለት ሳምንት አልነበራቸውም። እሱ ተመልሶ በረረ፣ ጥርጣሬው በስልክ ቀጠለ፣ በኋላም ተለያዩ። የእረፍቱ ቀናት በመተት መፍቻ ፍለጋ ማለቃቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በወጣትነቴ በኮምቦልቻ በኩል አሰብ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮችን አክም ነበር፤ እንዲህ ያለ ችግር ይዘው የሚመጡት ጥቂት ነበሩ። ቶሎ ቶሎ ቤታቸው ስለሚገቡ አንዷ ሌሊት ያን ያህል አትከብዳቸውም ነበር ብዬ አስባለሁ። እናንተ ደግሞ በየቀኑ በኢሞ ትተያያላችሁ፤ ይህን እኛ አላገኘነውም። ሆኖም የምታወሩት ስለ ሐዋላና ስለ ቤት ሥራ ነው፤ ፍላጎታችሁ መቀዝቀዙን፣ መፍራታችሁን አትነጋገሩም፤ ኪኒኑን ግን ያለ ሐኪም ትገዛላችሁ። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ይህን ኪኒን ቢጨምርበት የደም ግፊቱ በድንገት ሊወርድ፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ኪኒኑን ጨርሶ እቃወማለሁ ማለቴ ግን አይደለም፤ እኔም ራሴ መርምሬ፣ ፍርሃቱ እስኪሰበር በትንሽ መጠን ያዘዝኩላቸው አሉ።

የጠዋቱም መቆም ለሳምንታት ከጠፋ፣ ወይም ችግሩ ቀስ በቀስ እየባሰ ከመጣ፣ ነገሩ የተለየ ነው። ስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ደም ሥር ሕመም አንዳንድ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዩት በዚህ በኩል ነውና፣ በእረፍታችሁ የመጀመሪያ ሳምንት ተመርመሩ፤ ስትሄዱም ባለቤታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።