የእርጉዝ ልብስ፦ በድሮው ቁጥር ወይስ አሁን ባለው ጡትና ሆድ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ እትዬ፣ የ5 ወር እርጉዝ ነኝ። ከማርገዜ በፊት 38 ነበር የምለብሰው፤ ደረቴ 88፣ ወገቤ 72 ነበር። አሁን ደረቴ 96፣ ሆዴ 90 ደርሷል። አንዷ ሻጭ «እርጉዝ ሁሌ ሁለት ቁጥር ትጨምራለች» አለችኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ልብሱ ለማን ተብሎ እንደተሰፋ እይ። ለእርጉዝ ተብሎ የተሰፋ ከሆነ የድሮ ቁጥርሽን፣ 38ን ያዢ። ልብሱን የቆረጠው ሰው ድሮ 38 የምትለብስ ሴት ስታረግዝ ምን እንደምትመስል አስቦ ነው የቆረጠው። ደረቱና ሆዱ ላይ ጨምሯል፣ የፊቱን ቁመት አስረዝሟል። ትከሻውን፣ አንገቱንና እጅጌውን ግን በ38 ትቶታል፤ ትከሻ በእርግዝና ብዙም አይለወጥምና። ሁለት ቁጥር ስትጨምሪ የትከሻው ስፌት ወደ ክንድሽ ይወርዳል። አንገቱ ይከፈትና ጎንበስ ባልሽ ቁጥር በእጅሽ መያዝ ይመጣል።

ሻጭዋ ግን ከመሬት ተነስታ አልተናገረችም። ልብሱ ተራ ልብስ ከሆነ አባባሏ ለአንቺ ይሠራል። በአውሮፓ አቆራረጥ 96 ደረት 42 ላይ ነው የሚውለው፤ ቁጥሩ 38፣ 40፣ 42 እያለ ስለሚሄድ ከ38 ሁለት ቁጥር ከፍ ማለት ነው። የ42 ወገብ ደግሞ 80 አካባቢ ስለሆነ 90 ሆድ አይይዝም። ስለዚህ ተራ ቀሚስ ከገዛሽ 42 ይሁን፤ ግን ከጡት ሥር ጀምሮ ሰፍቶ የሚወርድ ምረጪ። ወገቡ ላይ የሚጣበቀውን እዚያው ተይው።

ለእርጉዝ በተሰፋው 38 ላይ አንድ ነገር ብቻ ፈትሺ። ጨርቁ ከተሳበ ችግር የለም። የማይሳብና በቁልፍ የሚዘጋ ከሆነ ግን ቆልፊው፣ ቁጭ በይ፣ ሁለት እጅሽን ወደፊት ዘርጊ። ቁልፎቹ መሃል ላይ ዓይን የሚመስል ክፍተት ካየሽ ጡትሽ ከታሰበው በላይ አድጓል ማለት ነው። ያኔ 40ን ውሰጂ። አንድ ቁጥር እንጂ ሁለት አይደለም።

ጎኑ ላይ ሽብሽብ ያለው ቀሚስ ስትለኪ ደግሞ ሽብሽቡን ተመልከች። በ5 ወርሽ ገና እንደተሸበሸበ መቆየት አለበት። አሁኑኑ ተወጥሮ ልሙጥ ከሆነ 9ኛው ወር ላይ አያደርስሽም።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ እኔ ስለ ጡት ማስያዣ ነው። ድሮ 75 ቢ ነበርኩ። ጡቴ ሲያድግ 85 ቢ ገዛሁ። ፊት ለፊት ልክ ነው፤ ከኋላ ግን ወደ ላይ እየወጣ፣ ማንጠልጠያው ትከሻዬን እየቆረጠ አስቸገረኝ። ቁጥሩን ልጨምር?

መልስ፦ አትጨምሪ፤ ቀንሺ። ቁጥሩ የሚናገረው ከጡት ሥር ያለውን ዙሪያ ነው። ፊደሉ ደግሞ ጡት የሚያርፍበትን ቦታ ስፋት ይነግርሻል፤ ግን ሁልጊዜ ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይነበባል። የ85 ቢ እና የ75 ዲ የጡት ቦታ በስፋት እኩል ናቸው። ፊት ለፊት ልክ የመጣልሽ ለዚህ ነው። ዙሪያው ግን 10 ሴንቲ ሜትር ሰፍቶብሻል። ጡትን መሸከም ያለበት ዙሪያው ነው። እሱ ከላላ ሸክሙ በሙሉ ማንጠልጠያው ላይ ያርፋል፣ ኋላውም ይወጣል።

እንዲህ ለኪ። ሜትሩን ከጡት ሥር አዙረሽ ጠበቅ አድርጊው፤ 77 መጣ እንበል። ቀጥሎ ጡት ሞላ ባለበት ቦታ ላይ ሳትጨቁኚ አዙሪ፤ 96 መጣ እንበል። ልዩነቱ 19 ነው። በአውሮፓ ቁጥር እስከ 77 ድረስ ዙሪያው 75 ይባላል፣ ከ18 እስከ 20 ያለው ልዩነት ዲ ነው። 75 ዲ ማለት ነው። የአንቺን ራስሽ ለኪ፣ ከእኔ ምሳሌ አትግዢ።

አንድ ነገር ልጨምር። በተለመደው ጊዜ አዲስ ጡት ማስያዣ በመጨረሻው፣ በሰፊው መንጠቆ ልክ የሚሆን ነው የሚገዛው፤ እየላላ ሲሄድ ይጠበቃል። በእርግዝና ግን ተቃራኒ ነው። ሆድ ወደ ላይ ሲገፋ የጎድን አጥንትሽ ይከፈታል። ስለዚህ በጠባቡ መንጠቆ ልክ የሆነውን ግዢ፤ ኋላ ታላልያለሽ። ለማጥባት የሚሆነውን ደግሞ ከ8ኛው ወር በኋላ ግዢ። ከላይ መዳፍ የሚያስገባ ትርፍ ይኑረው፤ ወተት ሲሞላ ጡት እንደገና ያድጋል።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ እኔ ባል ነኝ። ባለቤቴ 7 ወሯ ነው። ሳላሳውቃት ልገዛላት ነው፤ ኤክስ ላርጅ ብወስድ ይበቃታል አይደል? ሰሞኑን እጇና ፊቷም አብጧል፣ እሱንም አስቡልኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከኋላው ልጀምር። እጅና ፊት ድንገት ማበጥ የልብስ ጉዳይ አይደለም። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይዘሃት ሂድ፣ የደም ግፊቷን ይለኩላት፤ ሽንቷንም ይመርምሩ። ራሷን ካመማት ወይም ዓይኗ ከተጭበረበረ ደግሞ ነገ አትበል። ልብሱ ይቆያል።

ስትመለስ ቁም ሳጥኗን ክፈትና ከማርገዟ በፊት የለበሰችውን ቀሚስ አውጣ። አንገቱ ውስጥ ያለውን ቁጥር በስልክህ አንሳና ለሻጩ አሳይ፤ የእርጉዝ ልብስ በዚያው ቁጥር ይሰጥሃል። ኤክስ ላርጅ በጭፍን አትግዛ፤ ባለቤትህ ድሮ ስሞል ከነበረች ከትከሻዋ ይወርዳል።

ሰልባጅ ከሆነ የምትገዛው ደግሞ ቁጥሩ የየት ሀገር እንደሆነ አጣራ። የእንግሊዝ 12 የአውሮፓ 40 ነው። የአሜሪካ 12 ግን ከዚያ ይሰፋል፣ ወደ 42 እና 44 ይጠጋል። ከአንድ ቦንዳ ሁለት 12 ወጥተው አንደኛው ሲገባ ሌላው ሊዋኝ ይችላል። የቱርክ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የአውሮፓን ቁጥር ይከተላል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ቁጥር ምን ያደርጋል? እኔ ልጆቼን ሁሉ የወለድኩት በአንድ ሰፊ ቀሚስ ነው። መቀነቴን ከፍ አድርጌ እታጠቅ ነበር፣ በቃ። ብቻ ፊት ለፊቱ ሁሌ ያጥርብኝ ነበር።

መልስ፦ እማማ፣ እውነትዎን ነው። ያ ቀሚስ ከደረት በታች ወገብ የሚባል ነገር ስለሌለው ሆድን አይጣላም። የዛሬው የእርጉዝ ቀሚስም መቁረጫው ከጡት ሥር ነው፤ እርስዎ መቀነቱን ከፍ አድርገው ያሰሩበት ቦታ ማለት ነው።

ፊቱ ያጠረብዎ ጨርቁ በሆድ ላይ ወጥቶ መውረድ ስላለበት ነው። ያ መንገድ ቁመት ይበላል። ወደ መጨረሻው ወር ፊቱ ከኋላው በግልጽ ከፍ ብሎ ይታያል። እኔ ስሰፋ የፊቱን ጨርቅ መሃል ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝምና ወደ ጎኖቹ እየቀነስኩ ዜሮ አደርሰዋለሁ። በ5 ወር ሲለበስ ፊቱ ትንሽ ወረድ ያለ ይመስላል፤ በ8ኛው ይስተካከላል። ሰፊ ጋ የምትሄዱ ይህን ንገሩት። የጎን ስፌቱ ውስጥም በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ያስቀር። ሁለቱ ጎን ሲፈታ ለስፌቱ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢቀርም ደረቱ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገኛል፤ ፊትም ኋላም ስለሚተርፍ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ 8 ወሬ ነው። ለክርስትናው የሀበሻ ቀሚስ አሁን ላሰፋ ወይስ ልቆይ? አሁን ባለው ልኬ ካሰፋሁት ይሰፋኛል፣ በድሮው ካሰፋሁት ይጠበኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑሽም። አሁን ያለሽ ሆድ ያን ጊዜ የለም፤ የድሮው ጡትሽም ያን ጊዜ የለም። ሸማውንና ጥበቡን አሁን አሸምኚና አስቀምጪ፣ ልኬቱ ይቆይ። ከወለድሽ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡት በጣም ይወጠራል፤ ያኔ ብትለኪ ይሰፋብሻል። ወደ 3ኛው ሳምንት ረጋ ሲል ለኪ፤ ልጁ ከመጥባቱ በፊት፣ ጡትሽ ሞልቶ ሳለ። ጠብቶ ሲያበቃ ከለካሽ ክርስትናው ላይ ቅዳሴው ሳያልቅ ስፌቱ ይጨንቅሻል።

ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን ስላለሽ ተረጋጊ። ወንድ ከሆነ 40 ቀን ነው፤ ከ3ኛው ሳምንት በኋላ ለሰፊው የሚተርፈው ጊዜ ጠባብ ነው። አሁኑኑ ሄደሽ ተራ ያዢ። ደረቱ ላይ የሚከፈት ይሁን፤ ዚፕ ከሆነ በጥለቱ ሥር ይደበቃል። ከኋላ ዚፕ ያለው ቀሚስ ለምታጠባ ሴት አይሆንም።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ሁለተኛ ልጄን ነው ያረገዝኩት። ሳገባ 36 ነበርኩ፣ ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ 40 ሆኜ ቀረሁ። «የድሮ ቁጥር» ስትሉ የትኛው ነው? ሱሪስ ከሆድ በላይ የሚወጣው ይሻላል ወይስ ከሥር የሚቀረው?

መልስ፦ 40 ነው። ድሮ ስል ከዚህ እርግዝና በፊት ባለው ወር የለበስሽውን ማለቴ ነው እንጂ የሠርግሽን አይደለም። በሁለተኛው ሆድ ቶሎ ስለሚወጣም ከመጀመሪያው ቀደም ብለሽ ትፈልጊዋለሽ። ሱሪ ላይ የሚወስነው ሆድ ሳይሆን ዳሌና ጭን ነው፤ ሆዱን ላስቲኩ ይይዘዋል። የ40 ሱሪ ጭንሽ ላይ ከተወጠረ 42 ውሰጂ፣ ሆድሽን አትይ።

ከላይ ወይስ ከሥር ለሚለው ደንበኞቼ ራሳቸው አይስማሙም። ለእንጅባራ ብርድ እኔ ወገብ የሚሸፍነውን እመርጣለሁ። ቃር የሚያስቸግራት ሴት ግን ከላይ የሚጫነውን ትጠላለች። ሁለቱንም ለብሰሽ ቁጭ በይና ወስኚ፤ ቆመሽ አትወስኚ።

ከፍኖተ ሰላም፣ እንደገና፦ እትዬ፣ ሄጄ ለካሁ። የእርጉዙ 38 ሸሚዝ ቁልፉ ላይ ተከፈተ። 40 ደረቱ ልክ ነው፤ ትከሻው ግን ትንሽ ወረደብኝ። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ 40ን ያዢ። የሰፋ ትከሻ ሰፊ ጋ ወስደሽ ይጠባል፤ የጠበበ ደረት ግን ጨርቅ ከሌለው ከየት ይመጣል? ብቻ ስንት እንደወረደ ሳታዪ አታስጠቢው። የወረደው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ሹራብ ስትደርቢበት አይታወቅም። ከዚያ ካለፈ እጅጌውን ፈትቶ ትከሻውን ቆርጦ እንዲመልሰው ንገሪው፤ ደረቱን ግን እንዳይነካ።