ለወንድምዎ መጋገሪያ በስንት ይግቡ?

«ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ ውስጥ እንጀራ መጋገሪያ ሊከፍት ነው። 40,000 ዶላር ካስገባሁ የ30 በመቶ ድርሻ እንደሚሰጠኝ ነግሮኛል። ባንክ ውስጥ 30,000፣ ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ 35,000፣ በጡረታ ቁጠባዬ በ401ኬ ደግሞ 55,000 ዶላር አለኝ። በወር 1,000 ዶላር ገደማ እቆጥባለሁ። ፈንዱን ሸጬ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ? ከገባሁስ በስንት?»

እህቴ፣ በእኔ አስተያየት ቢገቡበት ነውር የለውም፤ ነገር ግን በጠቅላላው ከ12,000 ዶላር አይለፉ፣ እሱንም በአንድ ጊዜ አይስጡ። ፈንዱንም አይንኩት። እዚህ ቁጥር ላይ እንዴት እንደደረስሁ ለማስረዳት በራሴ ላይ ከደረሰው ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ2017 የአክስቴ ልጅ ሰሜን ቨርጂንያ ውስጥ እንጀራ መጋገሪያ ሲከፍት 25,000 ዶላር ሰጠሁት። በዚያን ጊዜ የነበረኝ ጥሪት በሙሉ ተደምሮ 70,000 አይሞላም ነበር። የሥራ ዕቅዱ በወረቀት ላይ የሚያምር ነበር፤ ምጣዶቹ፣ የቡኮ ማንሻው፣ የማሸጊያው ፕላስቲክ ሳይቀር በዋጋ ተቀምጧል። ያልተጻፈው ግን የመዘግየት ወጪ ነበር። ቤቱን ከተከራየን በኋላ የኤሌክትሪክ መስመሩ የምጣዶቹን ኃይል እንደማይችል ታወቀና ማሳደግ ግድ ሆነ። የጭስ ማውጫው በጤና ተቆጣጣሪዎች ዘንድ ሁለት ጊዜ ወድቆ እንደገና ተሠራ። በሩ እስኪከፈት አምስት ወር አለፈ። ኪራዩ በወር 3,200 ዶላር ስለነበር አንድ እንጀራ ሳይሸጥ 16,000 ዶላር ለአከራዩ ተከፈለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ዘመድ ያለው ሰው ይገምተዋል። በስድስተኛው ወር «8,000 ብቻ ብትጨምርልኝ ይያያዛል» አለኝ። እናቴም ከአዲስ አበባ ደውላ «ወንድምህን መሐል መንገድ ላይ አትተወው» አለችኝ፤ ሰጠሁ። ያልሰጠሁ እንደሆነ የመጀመሪያው 25,000 ይጠፋል ብዬ ስለማስብ፣ ሁለተኛውን ገንዘብ ያወጣሁት ስለ ንግዱ አስቤ ሳይሆን የመጀመሪያውን ለማዳን ነበር። በመጨረሻም የኪራይ ውሉ ላይ በዋስነት ፈርሜ ስለነበር፣ ሱቁ በ26ኛው ወር ሲዘጋ የሦስት ወር ኪራይ፣ ማለትም 9,600 ዶላር፣ ከእኔ ተጠየቀ። በድምሩ 42,600 ዶላር ወጣብኝ። ከጥሪቴ ሲሦውን አደጋ ላይ የጣልሁ መስሎኝ ነበር፤ የወጣው ግን ከግማሽ በላይ ሆነ። ይህም የአክስቴ ልጅ ሥራ እስኪያገኝ የቤቱን ኪራይ የሸፈንሁለትን ሳይጨምር ነው።

ስለዚህ ልኩን ስንወስን የሚወሰነው የመጀመሪያው ቼክ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው ቼክ፣ በኋላ የሚመጣው «ጨምርልኝ»፣ እንዲሁም የተፈረመ ዋስትና ካለ እሱ ጭምር ተደምረው የሚወጡት ጠቅላላ መጠን ነው መወሰን ያለበት። ከማያውቁት ሰው ድርጅት አክሲዮን ቢገዙ ከከፈሉት በላይ አይጠየቁም። በወንድምዎ ንግድ ግን ኪሳራው በሱቁ በር ላይ አይቆምም፤ ወንድምዎ ገቢ ባጣበት ወር ሶፋው የእርስዎ፣ የስልክ ክፍያው የእርስዎ ይሆናል። በአንድ ድርጅት ላይ ገንዘብ ማከማቸት በራሱ አደጋ ነው፤ በቤተሰብ ድርጅት ላይ ግን ገንዘቡ የሚጠፋበት ጊዜና የቤተሰቡ ችግር በእርስዎ ላይ የሚወድቅበት ጊዜ አንድ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ቁጥሮች ልምጣ። በ401ኬ ያለውን 55,000 ለዚህ ጉዳይ እንደሌለ ይቁጠሩት፤ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ቢያወጡት ከመደበኛው ታክስ በላይ በአብዛኛው የ10 በመቶ ቅጣት አለበት። የወር ወጪዎ 3,000 ዶላር ነው ብዬ ልገምት፤ የስድስት ወር መጠባበቂያ 18,000 ይሆናል፣ ይህም ከባንኩ አይነካም። ባንክ ውስጥ የሚተርፈው 12,000 ነው። ሁለተኛው መለኪያዬ፣ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ በስንት ጊዜ ቆጥቤ እተካዋለሁ የሚል ነው፤ እኔ ከአንድ ዓመት በላይ እንዲሆን አልፈቅድም፣ በእርስዎ ቁጠባ ይህም 12,000 ነው። ሦስተኛው፣ በአንድ የግል ንግድ ላይ ከጠቅላላ ጥሪት ከአሥር በመቶ አለማለፍ ነው፤ ከ120,000 አሥር በመቶው ያው 12,000 ነው። ሦስቱ መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው። ወጪዎ እኔ ከገመትሁት የተለየ ከሆነና ባይገጣጠሙ ከሦስቱ ትንሹን ይያዙ።

«ገንዘቡ ፈንድ ውስጥ ቢቀመጥ ስንት ይሆናል» የሚለውንም በደንብ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም የወንድምዎ ሐሳብ የሚወዳደረው ከባዶ ጋር ሳይሆን ከዚህ ጋር ነው። በዓመት 7 በመቶ ብለን ብንገምት (ግምት ነው፣ ዋስ የሚሆንበት የለም) 40,000 ዶላር በአሥር ዓመት ወደ 78,700 ይደርሳል። በሌላ በኩል የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ እንደሚያሳየው አዲስ ከሚከፈቱ ድርጅቶች ከአምስቱ አንዱ ገደማ በመጀመሪያው ዓመት ይዘጋል፣ ግማሽ ያህሉም አምስት ዓመት አይሞላውም። ስለዚህ ዕድሉን ግማሽ በግማሽ ብንወስድና ቢዘጋ ምንም እንደማይመለስ ብንቆጥር፣ ከፈንዱ ጋር እኩል ለመሆን ብቻ ሱቁ የቀናው እንደሆነ 157,000 ገደማ መስጠት አለበት። በየዓመቱ የሚደርስዎትን እየተቀበሉ በዚያው 7 በመቶ ቢያስቀምጡት፣ በዓመት ወደ 11,400 ዶላር መቀበል ይጠበቅብዎታል። ድርሻዎ 30 በመቶ ስለሆነ መጋገሪያው ኪራዩንም የወንድምዎን ደመወዝም ከፍሎ በዓመት 38,000 ዶላር ንጹሕ ትርፍ ማስቀረት አለበት ማለት ነው።

ይህንን ወደ እንጀራ ልመንዝረው። በእኛ መጋገሪያ አሥር እንጀራ ካለው አንድ እሽግ ላይ የጤፉ፣ የፕላስቲኩ፣ የጋጋሪዋ፣ የነዳጁና የተመላሹ ወጪ ሲቀነስ ለኪራይና ለባለቤቱ የሚተርፈው 60 ሳንቲም ያህል ነበር። በዚህ ስሌት 38,000 ዶላር ማለት ኪራይና ደመወዝ ከተሸፈነ በኋላ በሳምንት 1,200 ተጨማሪ እሽግ መሸጥ ነው። እኛ በደህናው ጊዜያችን በሳምንት የሸጥነው በጠቅላላው 2,100 እሽግ ነበር፤ ከዚያ በወር የምናገኘው 5,460 ዶላር ገደማ ለኪራይ፣ ለኢንሹራንስና ለመሳሰሉት 3,900 ሲከፈልበት ለአክስቴ ልጅ ኑሮ 1,560 ዶላር ብቻ ይቀር ነበር። ሰነፍ ሰው አልነበረም፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይነሣ ነበር። የወንድምዎ ሱቅ ከእኛ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ እሽግ ስንት እንደሚተርፈው ይጠይቁት። ጤፉን ብቻ ቀንሶ የሚመልስልዎ ከሆነ ገና አላሰላውም።

ፈንዱም ቢሆን የሚወርድበት ዓመት አለ። ብዙ ኢንዴክስ ፈንዶች የሚከተሉት የትልልቅ የአሜሪካ ድርጅቶች የአክሲዮን መለኪያ፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የትርፍ ክፍያው ተጨምሮበት እንኳ 37 በመቶ፣ በ2022 ደግሞ 18 በመቶ ያህል ወርዷል። ነገር ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ድርጅቶች በአንድ ጊዜ አይዘጉም፤ ሁለቱም ጊዜ ያልሸጠ ሰው ገንዘቡ ተመልሶለታል። በችግር ቀንም ፈንዱን በጥቂት ቀናት ውስጥ ገንዘብ ማድረግ ይቻላል። የመጋገሪያን 30 በመቶ ግን የሚገዛዎት ሰው የለም፤ እኔ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ስለ ድርሻው መጠን አንድ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ወንድምዎ ነገ የመንግሥት የአነስተኛ ንግዶች መሥሪያ ቤት በሆነው በኤስቢኤ በኩል የባንክ ብድር ቢጠይቅ፣ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው እያንዳንዱ ባለቤት በግሉ ዋስ ሆኖ መፈረም ይጠበቅበታል። 30 በመቶ ከያዙ የእርስዎ ቤትና ደመወዝ ከብድሩ ጋር ይታሰራል። በእሱ ዋጋ 12,000 ዶላር 9 በመቶ ብቻ ስለሚያስገኝ ከዚህ መስመር በታች ይሆናሉ፤ ለእኔ ይህ ራሱን የቻለ ጥቅም ነው። ድርጅቱ ብዙ ባለቤቶች ያሉት ኤልኤልሲ፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት፣ ከሆነ ደግሞ በተለምዶ ትርፉ በእጅዎ ባይገባም የድርሻዎ ታክስ ከእርስዎ ይጠየቃል፤ ኬ-1 የሚባለው ቅጽ ይደርስዎታል። ስለዚህ በስምምነቱ ውስጥ ቢያንስ የታክሱን ያህል በየዓመቱ እንዲከፈል ያስጽፉ።

አሰጣጡን እንዲህ ባደርገው ደስ ይለኛል። 6,000ውን አሁን ይስጡት፤ የቀረውን 6,000 በስምዎ ባንክ ውስጥ ያቆዩት፤ ስለመኖሩ ግን ለማንም አይንገሩ፣ ለእናትዎም ቢሆን። እኔ ከአምስት ዓመት በፊት ለባለቤቴ ወንድም የመላኪያ መኪና ስገዛ በዚሁ መንገድ ሄጄ ነበር፤ 5,000 ሰጥቼ 5,000 አቆየሁ። ሁለተኛውን የሰጠሁት በተከታታይ ሦስት ወር ወጪውን ከገቢው ሲሸፍን በባንክ ወረቀቱ ካየሁ በኋላ ነው፤ አሁን የመጀመሪያውን ከፍሎ ሁለተኛውን እየከፈለ ነው። ለእርስዎም መለኪያው ያው ሊሆን ይችላል። በየወሩ ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ባንክ ውስጥ ያለው ገንዘብ፣ ሱቆች በዱቤ ወስደው ያልከፈሉት፣ ሳይሸጥ የተመለሰው እሽግ። እኛ መውደቃችንን ያወቅነው ሽያጩ ስላነሰ አልነበረም። ሽያጩ እየጨመረ ነበር፤ ነገር ግን የዱቤው ደብተር ከሽያጩ ፈጥኖ ያድግ ነበር፣ ሰኞ የወጣው እንጀራም ሐሙስ ሻግቶ ይመለስ ነበር።

40,000ው ካልሞላ ሥራው አይጀመርም ካለዎት፣ ኪራይ ሳይገባ ፈቃድ ባለው የጋራ ወጥ ቤት በሰዓት እየከፈለ ጥቂት ሱቆችን ለማቅረብ እንዲሞክር ይጠይቁት፤ የእርስዎ 6,000 ለዚያ ይበቃል፣ የአንድ እሽግ ትርፉም በግምት ሳይሆን በሥራ ይታወቃል። ቤት ተከራይቶ የሚጀምር ከሆነ ግን ውሉን ሳያነቡ ቼክ አይጻፉ። የዋሱ ፊርማ የሚደረግበት ገጽ ብዙ ጊዜ ከውሉ መጨረሻ ተያይዞ ስለሚመጣ ከዚያ ገጽ ይጀምሩ።