ትኬት ስትቆርጡ የዱቤውን ቀን እዩ

ለገና ወደ አዲስ አበባ ለምትመጡ ወገኖቼ ይህን የምጽፈው ከፒያሳ፣ ከእህቴ ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ዕቃ ስትገዙ «አሁን ውሰድ፣ በአራት ጊዜ ክፈል» የሚለውን አማራጭ ታውቁታላችሁ። ወለድ የለውም፤ ይህ እውነት ነው። የእህቴ ጎረቤት የሆነው ባለሱቅ ግን በደብተሩ የጻፈውን ዱቤ ደመወዝ እስኪወጣ ይጠብቃል። ያኛው ቀኑ ሲደርስ ማንንም ሳይጠይቅ ከካርዳችሁ ይቆርጣል።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 11፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 20፣ ለእህቴ ልጅ በ200 ዶላር ስልክ ገዛሁ። የመጀመሪያው 50 ዶላር እዚያው ተቆረጠ። የቀሩት ሦስት ሃምሳዎች በየሁለት ሳምንቱ፣ ጃንዋሪ 3፣ 17 እና 31 ላይ የሚከፈሉ ነበሩ፤ በስድስት ሳምንት ያልቃል ማለት ነው። ጃንዋሪ 3 ታኅሣሥ 25 ነው፣ ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው። ለበዓሉ ከዚያው ሂሳብ ብዙ ስላወጣሁ የቀረው ገንዘብ 50 አይሞላም ነበር። የአሜሪካ ሲሜን አውልቄ የኢትዮ ቴሌኮም አስገብቼ ስለነበር የማስታወሻው መልእክትም አልደረሰኝም።

ድርጅቱ የመዘግያ 7 ዶላር ጨመረ። ባንኩ ደግሞ በሂሳቤ በቂ ገንዘብ ስላልነበረ በራሱ 35 ዶላር ቀጣኝ። በ200 የገዛሁት ስልክ 242 ዶላር ሆነ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ክፍያ ሲዘገይ ቀጣዩ አብሮ አይገፋም። ጥር 9፣ ከከተራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ያለፈው 50፣ ቅጣቱ 7 እና አዲሱ 50 ተደምረው 107 ዶላር በአንድ ቀን ተጠየቅሁ። ያንንም ባሳልፈው ኖሮ ሌላ ቅጣት ይከተል ነበር። 7 ዶላር ትንሽ ይመስላል፤ ለሁለት ሳምንት መዘግየት ግን ከክፍያው 14 በመቶ ነው። ቅጣቱ ቁርጥ ስለሆነ ክፍያችሁ 20 ዶላር ቢሆን ከሲሶው በላይ ይሆናል። ጭራሽ የማይቀጡ ድርጅቶችም አሉ፤ እነሱ ዕዳው እስኪከፈል ሌላ ዕቃ በዱቤ አይሰጧችሁም። የእናንተው ምን እንደሚል ውሉ ላይ አንብቡ።

ዕዳውን ልክፈል ብዬ ከዚህ ስሞክር የማረጋገጫው ኮድ የሚላከው ወደ አሜሪካው ቁጥሬ ነው። ሲሙን ከፓስፖርቴ ማኅደር ውስጥ አውጥቼ፣ ስልኩ ውስጥ መልሼ፣ ኮዱ እስኪገባ ግማሽ ቀን ጠበቅሁ።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት አፑን ክፈቱና በጉዞው መሐል የሚውሉትን ክፍያዎች አስቀድማችሁ ክፈሉ፤ ቀድሞ መክፈል ምንም አያስጨምርም። ገንዘቡ ካልደረሰላችሁ ቀኑን እንዲያራዝሙላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ፤ የሚፈቅዱት ግን ቀኑ ከማለፉ በፊት ነው።