ካፕሽኑ ከመቆረጡ በፊት ምን ይነበባል?

«የባልትና ውጤቶች በኢንስታግራም እሸጣለሁ። ካፕሽኑን ደክሜ ነው የምጽፈው፣ ግን more የሚለውን ነክቶ የሚያነብ ያለ አይመስለኝም። የመጀመሪያዋን መስመር እንዴት ልጀምራት?»

እህቴ፣ እኔ የትናንሽ ሱቆችን ገጾች ነው የምይዘው፤ የምግብም የልብስም። እና ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው አማርኛችን ዓረፍተ ነገር የሚሠራበት መንገድ ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ዋናው ነገር የሚታወቀው ሰውዬው እስከ መጨረሻው ከሄደ ብቻ ነው። ኢንስታግራም ደግሞ መሀል ላይ ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ አንባቢው የሚያየው መንደርደሪያውን ብቻ ይሆናል።

የተለመደውን ዓይነት ካፕሽን እንውሰድ፦ «ሰላም ውድ ደንበኞቻችን እንደምን ከረማችሁ! በቤታችን በጥንቃቄ የተዘጋጀ ንጹህና ጥራቱን የጠበቀ የሽሮ ዱቄት ማቅረብ መጀመራችንን ስንገልጽላችሁ በታላቅ ደስታ ነው።» ስልክ ላይ የሚታየው ምናልባት «ሰላም ውድ ደንበኞቻችን እንደምን ከረማችሁ! በቤታችን በጥንቃቄ…» ድረስ ነው። ሽሮ የሚለው ቃል ራሱ አልታየም! ለሰላምታው ክፉ አመለካከት የለኝም፣ ጨዋነት ነው፤ ግን ቦታው መጨረሻ ላይ ወይም ኮመንት ስትመልሺ ይሁን።

ስንት ፊደል ይታያል ለሚለው፣ ሰው ሁሉ 125 ይላል። ይህ ግምት ለላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ሰፊ ስለሆነ መስመሩን ቶሎ ይሞላዋል። በዚያ ላይ የገጽሽ ስም ከካፕሽኑ ፊት እዚያው መስመር ላይ ስለሚገባ፣ ስምሽ ከረዘመ ቦታሽን ይበላብሻል። እኔ ለፎቶ ከ8 እስከ 10 ቃል ይታያል ብዬ ነው የምጽፈው፣ ለሪልስ ግን 4 ወይም 5 ቃል ብቻ፣ ምክንያቱም እዚያ ብዙውን ጊዜ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚታየው፣ በቀኝ በኩል ያሉት ምልክቶችም ቦታ ይይዛሉ። ኢሞጂ ከፊት መደርደርም ያንኑ ቦታ ነው የሚወስደው። ኢንተር መትተሽ የተውሽው ባዶ መስመርም እንደ መስመር ይቆጠራል።

ታዲያ ምን ትጽፊያለሽ? መጀመሪያ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ግሱ ከመቆረጡ በፊት የደረሰ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይጀምርና እሱ ይቆረጥ። ሰው የተጀመረ ነገር ሲያይ ነው more የሚነካው፣ ግን የመጀመሪያው ነገር ገብቶት መሆን አለበት።

ያንኑ ሽሮ እንደገና እንጻፈው፦

«ሽሮ የሚጓጉለው ሁልጊዜ በዱቄቱ ጥፋት አይደለም። ውሃው ሲፈላ ዱቄቱን…»

እዚህ ላይ ይቆረጥ። ከታች ደግሞ በግልጽ ትነግሪያቸዋለሽ፦ ዱቄቱ በደረቁ የፈላ ውሃ ላይ ሲነሰነስ ውጪው ወዲያው ይበስልና ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፣ ጉብታው ከዚያ ነው የሚመጣው። በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ቁሌቱ ላይ መጨመር ነው መፍትሔው። ከዚህ ቀጥሎ «የእኛን ሽሮ በዚህ መንገድ ሞክሩት» ብለሽ ዋጋውን፣ የት እንደምታደርሺና ስልክሽን አስገቢ። ፎቶው ሽሮ መሆኑን ቀድሞ ነግሯቸዋል፣ ስለዚህ የመጀመሪያዋ መስመር ፎቶው የማይናገረውን ትናገር። «ሽሮሽ» ያላልኩትም ሆን ብዬ ነው፤ ብቻቸውን የሚኖሩና ለራሳቸው የሚያበስሉ ወንዶችም ይገዛሉ፣ «አንቺ» ካልሽ ያልፉሻል።

ሌላው አማርኛ የሚያመጣብን ነገር ቅጽል መደርደር ነው። «በእጅ የተለቀመ፣ በፀሐይ የደረቀ፣ በቤት የተቀመመ፣ ንጹህ በርበሬ» ስትይ በርበሬው የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ገልብጪው። «በርበሬው ትናንት ተፈጨ።» ሦስት ቃል ናት፣ ዕቃው ፊት ላይ አለ፣ ትኩስነቱም ተነገረ። መለቀሙንና መድረቁን ከታች አንድ በአንድ ተርኪው፣ እዚያ የደረሰ ሰው ማንበብ የፈለገ ነው። ትእዛዝ ስትሰበስቢም እንደዚሁ ነው፦ «የፋሲካ በርበሬ ትእዛዝ ሐሙስ ይዘጋል።» ግን ሐሙስ ካልሽ ሐሙስ ዝጊ። አርብ ላይ ትእዛዝ ስትቀበይ ያየ ደንበኛ የሚቀጥለውን መስመርሽን አያምነውም።

አንድ የማልወደው ነገር ልንገርሽ። «ይህን ሳታዩ እንዳታልፉ!»፣ «ማመን ያቅታችኋል!» የሚሉት መስመሮች ላይ ምንም የተያዘ ነገር የለም። ለማንኛውም ዕቃ ስለሚሆኑ የአንቺን ዕቃ አይሸጡም። ሰው አንዴ ይነካና ከታች ተራ ማስታወቂያ ሲያገኝ ይናደዳል። ጉጉት ካስነሳሽ፣ more ከተነካ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር መልሱን መስጠት አለበት፤ አምስት መስመር ታች አይደለም።

የት እንደሚቆረጥ በግምት አትሥሪ። ሁለተኛ አካውንት ክፈቺ፣ ከገጽሽ ጋር የሚቀራረብ ርዝመት ያለው ስም ስጪው፣ ፕራይቬት አድርጊውና ማንንም አታስገቢ። ካፕሽኑን እዚያ ለጥፈሽ ተመልከቺ፣ ከዚያ አጥፊው። ቢቻል ስልኩ ትንሽ የሆነ ወይም ፊደሉን አሳድጎ የሚጠቀም ሰው ስልክ ላይም እይው፣ እናቶች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ በርበሬ የሚገዙት ደግሞ እነሱ ናቸው። እዚያ ላይ ግሱ ከታየ ሌላው ስልክ ላይም ይታያል።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን በምን ታውቂያለሽ? ኢንስታግራም more ስንት ጊዜ እንደተነካ አያሳይሽም። እኔ የማየው ኮመንቱን ነው። ዋጋው ከታች ተጽፎ እያለ «ዋጋ ስንት ነው?» የሚል ከተደረደረ አልከፈቱትም ማለት ነው። «እኔ ሁሌም በደረቁ ነበር የምነሰንሰው» የሚል ሰው ከመጣ ግን እስከ ታች ወርዷል። ሴቭ ያደረጉትንም እይ፣ አሠራር የያዘ ካፕሽን ከሆነ ሰው ያስቀምጠዋል። ሁለት ዓይነት አጀማመር ስታወዳድሪ ተመሳሳይ ፎቶና ተመሳሳይ ሰዓት ይሁን፣ አለዚያ ለውጡን ያመጣው መስመሩ ይሁን ፎቶው አይለይም።

ዋጋን ፊት ላይ ማስቀመጥ ይሻላል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ዋጋሽ ከሌላው የተሻለ ከሆነ አዎ፣ አስቀምጪው። እንደ ሌላው ከሆነ ግን ያቺን መስመር አታባክኚባት፣ ከሁለተኛው አንቀጽ መጀመሪያ ላይ ይሁን።

የድሮዎቹን ደግሞ ማጥፋት አያስፈልግሽም። ሦስቱን ነጥብ ነክተሽ Edit በሚለው ካፕሽኑን ብቻ መቀየር ይቻላል። ከላይ ፒን ካደረግሻቸው ጀምሪ፣ አዲስ ሰው ገጽሽ ላይ ሲገባ ቀድሞ የሚያያቸው እነሱን ነው። አንዱን ቀይረሽ እዚህ ለጥፊልን፣ አብረን እናየዋለን።